ስንት ሎት ልግባ? በ500 ዶላር ዴሞ አካውንት የሠራሁት ስሌት

ባለፈው ፎሬክስ ላይ ስቶፕ ሎስ የት እንደሚቀመጥ ስናወራ ብዙዎቻችሁ "እሺ ስቶፑ ገባን፤ በስንት ሎት ነው የምንገባው?" ብላችሁ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተማርኩት እሱን ነው። አሁንም የምሠራው ዴሞ ላይ ነው፤ ዴሞውን ግን በ10,000 ሳይሆን በ500 ዶላር ነው የከፈትኩት። አብዛኞቻችን አንድ ቀን ብንጀምር የምንጀምረው በዚህ አካባቢ ባለ ገንዘብ ስለሆነ፣ ስሌቱ የሚያስቸግረውም ደግሞ እዚሁ ላይ ስለሆነ ነው። በ10,000 ሁሉም ቁጥር ያምራል።

ቀመሩ አጭር ነው፦

```
ሎት = በትሬዱ ላይ የማጣው ገንዘብ ÷ (የስቶፕ ርቀት በፒፕ × የ1 ሎት የፒፕ ዋጋ)
```

የማጣውን ገንዘብ የአካውንቴን 1 ፐርሰንት አድርጌዋለሁ፤ ማለትም 5 ዶላር። 1 ፐርሰንት ከሰማይ የወረደ ሕግ አይደለም። ለምን እንደመረጥኩት ለማየት ግን አሥር ትሬድ በተከታታይ ብሸነፍ ምን እንደሚተርፈኝ አሰላሁት፤ ይህ ደግሞ ጥሩ ዘዴ ላለው ሰውም የሚደርስ ነገር ነው። በ1 ፐርሰንት 500ው ወደ 452 ይወርዳል። በ5 ፐርሰንት ወደ 299 ይወርዳል። በ10 ፐርሰንት ደግሞ 174 ብቻ ይቀራል። ከ452 ተነስቶ 500 ለመመለስ 11 ፐርሰንት ገደማ ማትረፍ ይበቃል፤ ከ299 ለመመለስ ግን 67 ፐርሰንት ያስፈልጋል። እኔን ያሳመነኝ ይኼ ልዩነት ነው።

የፒፕ ዋጋው በ`EURUSD` ላይ ቀላል ነው። 1 ሎት 100,000 ዩሮ ነው፣ ፒፑ ደግሞ የዋጋው አራተኛ አሥርዮሽ፣ ማለትም 0.0001 ነው። ስለዚህ 1 ሎት በአንድ ፒፕ 10 ዶላር ያንቀሳቅሳል፤ 0.01 ሎት ደግሞ 10 ሳንቲም።

አሁን አንዱን ከነቁጥሩ ልሥራው። ቻርቱ ላይ ዋጋው 1.08500 ነው፤ ለመግዛት አስቤያለሁ። የቅርቡ ዝቅታ 1.0830 አካባቢ ስለሆነ ስቶፑን ከሱ ትንሽ ዝቅ አድርጌ 1.08270 ላይ አስቀመጥኩ። ዝም ብላችሁ ቻርቱን ብትለኩ ርቀቱ 23 ፒፕ ነው። እውነተኛው ርቀት ግን ከዚያ ይበልጣል። ሜታትሬደር ቻርቱ ላይ የሚስለው የመሸጫ ዋጋውን፣ ማለትም `Bid` የሚለውን ነው። ስትገዙ የምትገቡት ግን በ`Ask` ነው፤ ስቶፑ የሚነካው ደግሞ በ`Bid`። የሁለቱ ልዩነት፣ ማለትም ስፕሬዱ፣ 1.2 ፒፕ ከሆነ የገባሁት በ1.08512 ነው ማለት ነው፤ ርቀቱም 24.2 ፒፕ ይሆናል።

```
5 ÷ (24.2 × 10) = 0.0206  →  0.02 ሎት
0.02 ሎት ላይ ኪሳራው = 24.2 × 0.20 = 4.84 ዶላር
```

ሁልጊዜ ወደ ታች ነው የማጠጋጋው። 0.019 እንኳ ቢወጣ 0.01 ነው የምገባው፤ ወደ ላይ ካጠጋጋሁ 5 ዶላር ያልኩት ገደብ ገደብ መሆኑ ይቀራል። ብሮከሩ ኮሚሽን የሚያስከፍል ከሆነ እሱም ከ5ቱ ዶላር ላይ ተቀንሶ ነው የሚሰላው። ስትሸጡ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ስቶፑ የሚነካው በ`Ask` ስለሆነ ቻርቱ ላይ ያለው ሻማ ስቶፑ ጋ ሳይደርስ ትሬዱ ሊዘጋ ይችላል። "ዋጋው ሳይነካው ዘጋብኝ" የሚለው ቅሬታ ብዙውን ጊዜ ከዚህ የሚመጣ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ቅዳሜ አራት ኪሎ ማኪያቶ ይዘን በምንቀመጥበት ሰዓት አንዱ የቡድናችን ልጅ ስልኩ ላይ የ`XAUUSD` ቻርት ከፍቶ፣ "እህቴ፣ ወርቁ ላይ ጥሩ ቦታ አይቻለሁ፤ ስቶፑ 9 ዶላር ይርቃል፤ አካውንቴ እንዳንቺ 500 ነው። በስንት ልግባ?" አለኝ።

በወረቀት ሠራነው። ወርቅ ላይ አብዛኛው ብሮከር 1 ሎትን 100 አውንስ ያደርገዋል፤ ስለዚህ 0.01 ሎት 1 አውንስ ነው፤ ወርቁ 1 ዶላር ሲንቀሳቀስ እሱም 1 ዶላር ያገኛል ወይም ያጣል።

```
5 ÷ (9 × 100) = 0.0055 ሎት
```

0.0055 የሚባል ሎት ደግሞ የለም። ትንሹ መጠን 0.01 ነው። በ0.01 ቢገባ ስቶፑ ሲነካ 9 ዶላር ያጣል፤ ይህም የአካውንቱ 1.8 ፐርሰንት ነው፤ ካሰበው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው።

"ታዲያ ስቶፑን ወደ 5 ዶላር ባስጠጋውስ?" አለ። ይህን ጥያቄ ወድጄዋለሁ፤ ሁላችንም ውስጥ ያለ ሐሳብ ነውና። ቁጥሩ በርግጥ ይገጥማል፦ 5 ለ500 ሲካፈል ልክ 0.01 ይሆናል። ግን ስቶፑን 9 ዶላር ላይ ያስቀመጠው እዚያ ጋ ዋጋው ከደረሰ ሐሳቡ ስህተት መሆኑ ስለሚታወቅ ነበር። 5 ዶላር ላይ ምንም የለም። ቻርቱን አብረን ወደ ኋላ መለስነውና በዚያው ቀን የአንድ ሰዓት ሻማዎች ብቻ ከላይ እስከ ታች 6 እና 7 ዶላር ሲረዝሙ አየን። ስለዚህ 5 ዶላር ላይ የተቀመጠ ስቶፕ፣ ወርቁ ወደፈለገው አቅጣጫ ቢሄድለትም እንኳ በመንገዱ ላይ በተለመደው መወዛወዝ ሊነካ ይችላል። ኪሳራውን አሳንሶ የመሸነፍ ዕድሉን አሳደገው ማለት ነው፤ ቀመሩ ደግሞ ይህን አያሳይም፤ ለቀመሩ ሁለቱም ስቶፖች እኩል ናቸው።

መልሱ ያ ትሬድ ለ500 ዶላር አካውንት አይሆንም የሚል ነው። ለ9 ዶላር ስቶፕ በ1 ፐርሰንት 0.01 ለመግባት 900 ዶላር ያስፈልጋል። እኔ አሁን ይህን ስሌት ገልብጬ ነው የምጠቀምበት፦ አንድ ገበያ ላይ የምጠቀመው ስቶፕ በተለምዶ ስንት እንደሆነ አያለሁ፣ የ0.01 ሎቱን ኪሳራ አሰላለሁ፣ በ100 አባዛዋለሁ። የሚወጣው ቁጥር ከአካውንቴ ከበለጠ ያንን ገበያ ከዝርዝሬ አወጣዋለሁ። በዚህ ስሌት `EURUSD` እስከ 50 ፒፕ ስቶፕ ድረስ ለ500 ዶላር ይሆናል፤ ወርቅ ግን ስቶፑ 5 ዶላርና ከዚያ በታች ካልሆነ አይሆንም። ሴንት አካውንት የሚሰጡ ብሮከሮች ላይ ትንሹ መጠን ከዚህም ያንሳል፤ እዚያ ይህ ችግር ይቀላል፤ ግን ከመግባታችሁ በፊት የሎቱን መጠን ራሳችሁ እዩት።

የት ነው የሚታየው? ሜታትሬደር 5 ላይ ገበያውን በቀኝ ተጭናችሁ `Specification` ስትከፍቱ `Contract size` የሚል ታገኛላችሁ። `EURUSD` ላይ 100000፣ ወርቅ ላይ በብዛት 100 ይላል። ትንሹ የሎት መጠንና በስንት በስንት እንደሚጨምርም እዚያው አለ። ከሰው የሰማችሁትን ሳይሆን እዚያ የተጻፈውን ነው ቀመሩ ውስጥ የምታስገቡት፤ ከብሮከር ብሮከር ይለያያል።

ሌላው ሰው የሚስትበት ነጥብ ፒፕና ፖይንት ናቸው። ሜታትሬደር ዋጋውን በአምስት አሥርዮሽ ስለሚጽፍ የመለኪያ መስቀሉ የሚያሳየው ርቀት በፖይንት ነው፤ 10 ፖይንት 1 ፒፕ ነው። ከላይ ያለው 24.2 ፒፕ ስክሪኑ ላይ 242 ነው። 242ን እንደ ፒፕ ቆጥሮ ያስገባ ሰው 0.002 ይወጣለትና "አካውንቴ አይበቃም" ብሎ ይተወዋል፤ ብዙም ጉዳት የለውም። አደገኛው ተቃራኒው ነው፦ 24 ፒፑን ፖይንት መስሎት ለ10 የሚያካፍል 0.2 ሎት ይገባና 5 ዶላር ያለው ኪሳራ 48 ይሆናል። መለያው ቀላል ነው፤ ከገባችሁ በኋላ ዋጋው አንድ ፒፕ ሲንቀሳቀስ ትርፍና ኪሳራው በስንት እንደተለወጠ እዩ። በ0.02 ሎት 20 ሳንቲም መሆን አለበት። 2 ዶላር ከሆነ ወዲያው ዝጉት።

ሌቨሬጅ ስሌቱ ውስጥ የት እንደሚገባ የጠየቃችሁኝ አላችሁ። አይገባም። 0.02 ሎት 2,000 ዩሮ፣ ወደ 2,170 ዶላር ገደማ ነው። በ1፡100 ሌቨሬጅ 21.70 ዶላር ማርጂን ይያዝባችኋል፤ በ1፡500 ደግሞ 4.34። ስቶፑ ሲነካ የምታጡት ግን በሁለቱም 4.84 ዶላር ነው። ሌቨሬጅ የሚወስነው ምን ያህል ትልቅ ሎት መክፈት እንደምትችሉ ነው፤ ምን ያህል መክፈት እንዳለባችሁ የሚወስነው ስቶፑ ነው።

ቀመሩ አንድ ነገር ዋስትና አይሰጥም፦ ስቶፑ በተቀመጠበት ዋጋ ይፈጸማል ብሎ ነው የሚያሰላው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 2015 የስዊዘርላንድ ማዕከላዊ ባንክ 1 ዩሮ ከ1.20 ፍራንክ በታች እንዳይወርድ ሲጠብቀው የነበረውን ገደብ በድንገት አነሳው። ዋጋው በደቂቃዎች ውስጥ ወረደ፣ በመሃል የሚገዛ ስላልነበረ ብዙ ስቶፖች ከተቀመጡበት እጅግ ርቀው ነው የተፈጸሙት። እንዲህ ያለው ብርቅ ነው፤ ትንሹ ዘመዱ ግን በየወሩ አለ። የአሜሪካ የሥራ ቅጥር ሪፖርት በአብዛኛው በወሩ የመጀመሪያ ዓርብ፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9፡30 (እነሱ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱ ደግሞ 10፡30) ይወጣል። በዚያ ደቂቃ ስፕሬዱ ይሰፋል፣ ስቶፑም ሊንሸራተት ይችላል። እኔ በዚያ ሰዓት አዲስ ትሬድ አልከፍትም፤ ዓርብ ማታ ከመዘጋቱ በፊትም የያዝኩትን እዘጋለሁ፣ ሰኞ ዋጋው ዘሎ ሊከፈት ስለሚችል።

አሁን እየተለማመድኩ ያለሁት ዶላር ከፊት የሚመጣባቸውን ነው። `USDJPY` ላይ ፒፑ 0.01 ነው፣ 1 ሎት በአንድ ፒፕ 1,000 የን ያንቀሳቅሳል፣ ይህ ወደ ዶላር መመለስ አለበት። ዋጋው 150 ከሆነ 1,000 ለ150 ሲካፈል 6.67 ዶላር ነው። ለ30 ፒፕ ስቶፕ 5 ÷ (30 × 6.67) 0.0249 ይሰጣል፤ 0.02 እገባለሁ። በልማድ 10 ዶላር ብለው ያሰሉት 0.016 ይወጣላቸውና በ0.01 ይገባሉ፤ ከሚችሉት ግማሹን ማለት ነው። የን ሲጠናከርና ዋጋው ወደ 140 ሲወርድ ደግሞ የፒፑ ዋጋ ወደ 7.14 ስለሚያድግ፣ ይህን ቁጥር በየጊዜው አዲስ አሰላዋለሁ። በመጪው ቅዳሜ `EURGBP`ን እናሠራለን፤ እዚያ የፒፑ ዋጋ በፓውንድ ስለሚወጣ ወደ ዶላር ለመመለስ የ`GBPUSD` ዋጋም ያስፈልገናል፤ የሁለቱንም ዋጋ ከስክሪናችሁ ጽፋችሁ ኑ።