ለለቅሶ የተላከ ኬክ

ይህን ነገር ባስታወስኩ ቁጥር ዛሬም ፊቴ ይግላል።

የአንድ አንጋፋ የመድረክ ተዋናይን የፌስቡክ ገጽ የማስተዳድረው እኔ ነበርኩ። ጋሼ እላቸዋለሁ። 70 ዓመት የሞላቸው ቀን የጥንት ጥቁርና ነጭ ፎቷቸውን ለጠፍኩ። እስከ ማታ 340 ገደማ አስተያየት ገባ።

መልስ መስጠት የኔ ሥራ ነው። «ስለ መልካም ምኞትዎ ከልብ አመሰግናለሁ» ብዬ ጻፍኩ፣ የኬክ ምልክት ጨመርኩበት፣ ኮፒ እያደረግኩ መለጠፍ ጀመርኩ። ስልሳ ያህል እንደደረስኩ ፌስቡክ ለጊዜው አስተያየት እንዳልሰጥ አገደኝ። አንድ ዓይነት ጽሑፍ በፍጥነት ሲደጋገም እንደ ስፓም ይቆጥረዋል። ሲለቀኝ ብልሃት ያገኘሁ መሰለኝ። አሥር ዓይነት ምስጋና አዘጋጅቼ በየተራ ለጠፍኩ። «ኑሩልኝ»፣ «ክበሩልኝ»፣ «ውለታችሁን ይክፈልልኝ»፣ ሌላም ሌላም።

በማግሥቱ ጋሼ ቢሮ ድረስ መጡ። ስልካቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ።

«ልጄ፣ ይቺን ልጅ ምን አልሻት?»

አነበብኩት። «ጋሽዬ እንኳን ተወለዱ። አባዬ የእርስዎን የሬዲዮ ድራማ ሳይሰማ አይተኛም ነበር። ባለፈው ወር አረፈ። ዛሬ ቢኖር ደስ ይለው ነበር።» ከሥሩ የኔ መልስ አለ፤ ምስጋናው ከነኬኩ።

«ለቅሶ ለተቀመጠ ሰው ኬክ ይላካል?» አሉኝ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ያ ባሰብኝ።

አሥሩን ዓይነት ምስጋናም አሳየኋቸው። ቢያንስ እንደለፋሁ እንዲያውቁልኝ ፈልጌ ነበር። ከላይ እስከ ታች አዩትና «ልብሱን ቀያየርሽለት እንጂ ሰውየው ያው ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው። አንዱ ሰው የራሱን መልስ ብቻ ሲያይ ምንም አይታየውም። ጽሑፉን የሚከፍተው ሰው ግን ሁሉንም ተደርድሮ ያየዋል። ቃሉን ብቀያይረውም፣ ማንም የጻፈውን እንዳላነበብኩለት ያስታውቃል።

ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። «በይ አንብቢልኝ፣ እኔ እመልሳለሁ።»

መጀመሪያ የአስተያየቶቹን አደራደር «Most relevant» ከሚለው ወደ «All comments» ቀየርኩት። እስካሁን የማየው ብዙ ላይክ ያገኘውን ከላይ አድርጎ ነበር፤ ከታች የተቀበረው ያመልጠኝ ነበር። ከዚያ እያነበብኩ ጋሼ ይመልሳሉ። ከሰውየው ጽሑፍ አንድ ቃል ያነሳሉ፣ መልሱን እዚያ ላይ ይሠራሉ። አንዱ «የማቱሳላን ዕድሜ ይስጥዎ» ብሏል። «አሜን። እሱን ከሰጠኝ አንድ ቀን ቡና አብረን እንጠጣለን በለው።» አንዲት ሴት ከሐዋሳ ዳቦ ልጋግርልዎ ብላለች። «ዳቦውን በዓይኔ በላሁት፣ እጅሽ ይባረክ በያት።» «አላህ በጤና ያኑርዎ» ላሉት ሰው «አሚን፣ አላህ ያክብርልኝ» አስባሉኝ። እኔ «አሜን» ብዬ ጽፌ ነበር፤ «እሳቸው ባሉት አፍ መልሺላቸው» ብለው አሳረሙኝ።

ያስቸገረን የስም ነገር ነበር። «የማርያም ልጅ» የሚል ስም ወንድ ይሁን ሴት በምን ይታወቃል? «ክበሪልኝ» ብለሽ ወንድ ቢሆንስ? ጋሼ መላ አላጡም። «እግዜር ያክብርልኝ በይ» አሉ። እውነትም «ያክብርልኝ» ወንድ ሴት፣ አንተ አንቱ አይለይም። «እግዜር ይስጥልኝ»ም እንደዚያው ነው። ስንት ዓመት ስናገረው ልብ ብዬው አላውቅም።

ለ340ው ሁሉ እንዲህ አይቻልም። «መልካም ልደት» ብቻ ለጻፉት የልብ ምልክት አደረግን። ትዝታ ወይም ምርቃት ለጻፉት ግን ለየብቻ መለስን። እሱም የሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ፈጀብን። በመጨረሻ ለሁሉም የሚሆን አንድ ምስጋና ጋሼ ራሳቸው ተናገሩ፣ እኔ ጻፍኩ። ዳቦዋን፣ ማቱሳላን፣ በልጅነቱ በትያትር ቤቱ አጥር ዘሎ የገባውን ሰውዬ ሁሉ አነሱ።

የልጅቷን ግን ከሁሉ አስቀድመን ነበር የመለስንላት። የኔን መልስ አጠፋሁት። ጋሼ ዝም ብለው ቆዩና «ነፍስ ይማር። እኔ የሱን ቤት በር ሳላውቅ እሱ ማታ ማታ ቤቱ ሲያስገባኝ ኖሯል። የአባትሽን ስም ንገሪኝ» ብለው አስጻፉኝ።

ማታውኑ መለሰች። የአባቷን ስም ጻፈች፣ ከሥሩም «ድራማው ሲያልቅ ሁሌ በሉ ደኅና እደሩ ይልዎት ነበር» አለች። ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ምን ብዬ ልመልስ ጋሼ?» አልኳቸው።

«ደኅና ይደር በይልኝ።»