ከመስመሩ በታች የቀረው ላዛኛ

ዛሬ ማታ ሬስቶራንቱ ከተዘጋ በኋላ የወሩን የሽያጭ ሪፖርት ይዤ ቁጭ አልኩ። ስቀመጥ ላዛኛውን ከሜኑ ለማውጣት ወስኜ ነበር። አሁን እኩለ ሌሊት ሊሆን ነው፤ ላዛኛው ግን አልወጣም። ሐሳቤን ምን እንዳስቀየረኝ ሳልረሳው ልጻፈው።

ሜኑን የማጥራቱ ሥራ በሁለት ጥያቄ ይጀመራል። ይህ ምግብ በወሩ ስንት ሳህን ተሸጠ? ከአንዱ ሳህንስ ስንት ይተርፋል? እዚህ ላይ የሚተርፈው የምለው ከመሸጫው ዋጋ የጥሬ ዕቃው ወጪ ተቀንሶ የሚቀረውን ነው። ኪራይ፣ ደመወዝና መብራት ገና አልተነኩም። እነዚህ ሁሉ የሚከፈሉት ከዚያ ከቀረው ነው።

አሠራሩን እ.ኤ.አ. በ1982 ያስተዋወቁት ማይክል ካሳቫና እና ዶናልድ ስሚዝ የሚባሉ አሜሪካውያን ናቸው። ምግቦቹን በአራት ሳጥን ይከፍላሉ። ብዙ የሚሸጥና ብዙ የሚተርፍበት ኮከብ ነው። ብዙ እየተሸጠ ትንሽ የሚተርፍበት የእርሻ ፈረስ ይባላል፤ እኛ በምናርስበት ብናስበው የእርሻ በሬ ማለት ነው። ጥሩ እየተረፈበት ሰው የማያዘው እንቆቅልሽ ይሆናል። በሁለቱም የወደቀው ደግሞ ውሻ ተባለ። ውሻ የተባለውን ምግብ ሰው ቶሎ ማውጣት ይፈልጋል። እኔም ዛሬ የቸኮልኩት ለዚያ ነው።

አምስት ዋና ምግቦች አሉን። ለማስታወሻዬ እንዲመች ቁጥሮቹን አቅልዬ፣ ገንዘቡንም ሳልጠቅስ ልጻፋቸው። በወሩ 1,000 ሳህን ሸጥን። ፓስታ 360 ሄደ፤ ከአንዱ 36 ይተርፋል። ዶሮ 260፣ ከአንዱ 50። ሩዝ በስጋ 190፣ ከአንዱ 38። ዓሣ 100፣ ከአንዱ 54። ላዛኛ 90፣ ከአንዱ 42። የእያንዳንዱን ሽያጭ ከአንዱ በሚተርፈው አባዝቼ ስደምረው 42,360 መጣ። ለ1,000 ሲካፈል አማካዩ 42.36 ነው። የትርፉ መስመር ይሄ ነው።

የሽያጩ መስመር ሌላ ነው። አምስቱ ምግቦች እኩል ቢሸጡ እያንዳንዱ 20 በመቶ ይደርሰው ነበር። እኩል መሸጥ ግን የትም የለም። ስለዚህ አሠራሩ ከዚያ ድርሻ 70 በመቶውን ላገኘ ምግብ ተወዳጅ ነው ብሎ ያሳልፈዋል። የ20 በመቶ 70 በመቶ 14 በመቶ ነው፤ ለእኛ 140 ሳህን ማለት ነው።

እንግዲህ ዶሮ ኮከብ ሆነ። ፓስታና ሩዝ በሬዎች ሆኑ። ዓሣ እንቆቅልሽ፣ ላዛኛ ውሻ።

ስለ ዓሣው አንድ ነገር ልበል። ድሮ የተማርኩት ወጪን በመቶኛ ማየት ነበር። ዓሣው በ100 ይሸጣል፤ ጥሬ ዕቃው 46 ነው። 46 በመቶ! ፓስታው በ50 ይሸጣል፤ ወጪው 14፣ ማለትም 28 በመቶ ብቻ ነው። በመቶኛ ለሚያይ ሰው ፓስታው ጎበዝ፣ ዓሣው ደካማ ነው። ኪራይ ግን በመቶኛ አይከፈልም። አንድ እንግዳ ዓሣ ሲያዝ እጄ ላይ 54 ይቀራል፤ ፓስታ ሲያዝ 36። ይህ ሲገባኝ ስንት ዓመት በተሳሳተ ሚዛን ስመዝን እንደነበር ገባኝ።

ወደ ላዛኛው ልመለስ። 42 ከ42.36 የሚያንሰው በ0.36 ብቻ ነው። ዋጋውን በ1 ብቻ ብጨምር ከአንዱ 43 ይተርፈኛል፤ ሽያጩ ካልቀነሰ አማካዩ ወደ 42.45 ከፍ ይላል። ላዛኛው መስመሩን ያልፍና እንቆቅልሽ ይሆናል። በ1 ጭማሪ ብቻ ስሙ የሚቀየር ምግብ ላይ እንዴት ይፈረዳል? ሳጥኑ ከመስመሩ በታች መሆኑን እንጂ ምን ያህል በታች መሆኑን አይነግረኝም። ከአሁን በኋላ ከሳጥኑ ስም አጠገብ ርቀቱንም እጽፋለሁ።

ሌላም ነገር አለ። አማካይ እስካለ ድረስ ከአማካይ በታች የሚሆን ምግብ አይጠፋም። ላዛኛውን ባወጣ አራት ምግብ ይቀራል። የእኩል ድርሻው 25 በመቶ ስለሚሆን የሽያጩ መስመር ከ140 ወደ 175 ይወጣል። ዛሬ በ190 የተረጋጋው ሩዝ ከመስመሩ በ15 ሳህን ብቻ ይርቃል። አንድ ቀዝቃዛ ወር ቢመጣ እሱም ውሻ ይባላል። በየወሩ የመጨረሻውን ስቆርጥ ብኖር ባዶ ሜኑ ይዤ እቀራለሁ።

ከዚያ ዋናውን ጥያቄ ጠየቅኩ። ላዛኛ የሚወዱት 90 ሰዎች ምን ያዛሉ? ሁሉም ወደ ዶሮ ቢሄዱ በወር 720 አተርፋለሁ። ሁሉም ወደ ፓስታ ቢሄዱ 540 እከስራለሁ። ሁለቱን ሳመዛዝን፣ እንዳልከስር ከ100 ሰው ቢያንስ 43ቱ ዶሮ መምረጥ አለባቸው። ላዛኛ ፈልጎ የመጣ ሰው ደግሞ የሚቀርበው ፓስታ ነው። በዚያ ላይ ሌላ ቤት የሚሄድም ይኖራል። ለማውጣት የነበረኝ ፍላጎት እዚህ ላይ ቀነሰ።

ሼፏ ወጥ ቤቱን አጽድታ ልትወጣ ስትል ወረቀቱን አሳየኋት። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ አንቱ እላታለሁ፣ እሷ አንተ ትለኛለች።

«ላዛኛውን ላወጣው ነበር፤ ተውኩት። 42 ይተርፈናል» አልኳት።

«የምንጥለውንስ ቆጥረኸዋል?»

አልቆጠርኩም።

ላዛኛው የሚጋገረው በትልቅ ትሪ ነው። አንድ ትሪ 12 ሰው ያበላል። በየሦስት ቀኑ አንድ ትሪ ትጋግራለች፤ በቀን ሦስት ሰው ስለሚያዝ 9 ይሸጣል፤ የቀረው 3 ይደፋል። በወር 10 ትሪ ነው፤ 30 ሳህን ተደፋ ማለት ነው። እኔ የያዝኩት 28 ወጪ የአንዱ ቁራሽ የጥሬ ዕቃ ዋጋ ነው። እውነተኛው ወጪ ግን የ120 ቁራሽ ነው፤ 3,360። ለተሸጠው 90 ሲካፈል አንዱ 37.33 ይሆናል። መሸጫው 70 ስለሆነ የሚተርፈው 32.67 ብቻ ነው።

ቆሜ ቀረሁ። በ0.36 ያነሰ መስሎኝ ስከራከርለት የነበረው ምግብ ከፓስታው እንኳ ያንሳል። በዚህ ሒሳብ ማውጣቱ ትክክል ነበር፤ ሁሉም ወደ ፓስታ ቢሄዱ እንኳ አልከስርም። ያ ኪሳራ ግን ከትሪው የመጣ ነው። በትንንሽ የሸክላ ዕቃ ለአንድ ሰው የሚሆነውን አዘጋጅታ ሳትጋግር በፍሪዘር ብታስቀምጠው፣ ሲታዘዝ ብቻ ይጋገራል። የሚደፋው ይጠፋል፤ 42ቱ ይመለሳል። እንግዳው ትንሽ እንደሚቆይ አስተናጋጁ ቀድሞ መንገር አለበት። ለየብቻ ማዘጋጀቱም የሼፏን ጊዜ ይወስዳል። ይህን ድካም አራቱ ሳጥኖች አያዩትም፤ ሒሳባቸው ጥሬ ዕቃ ላይ ይቆማል። ስንት ደቂቃ እንደሚወስድባት በሰዓት እንድንለካው ተስማማን።

ልትሄድ ስትል ዓሣው ላይ ጣቷን አሳረፈች። «ይሄ ደግሞ ስለሌለ ነው ያልተሸጠው» አለችኝ። አቅራቢው በወሩ 10 ቀን ዓሣ አላመጣም። እንግዳ ሲጠይቅ «የለም» ተብሎ ሌላ አዘዘ። 100ው ሳህን የተሸጠው በ20 ቀን ነው፤ በቀን 5። ወሩን ሙሉ ቢኖር 150 ይሆን ነበር። ከ140 ያልፋል። ዓሣው ኮከብ ነው!

ይህን ሳስብ ደነገጥኩ። እንቆቅልሽ ለሆነ ምግብ የሚታዘዘው የተለመደ መድኃኒት ሜኑው ላይ ዓይን የሚያርፍበት ቦታ ማስቀመጥ፣ አስተናጋጆች እንዲጠቁሙት ማድረግ ወይም ዋጋውን ዝቅ ማድረግ ነው። ዋጋውን ከ100 ወደ 90 ለማውረድ አስቤ ነበር። ሰው በ100 እየፈለገው፣ በማጣቱ ብቻ፣ ከእያንዳንዱ ሳህን 10 በነፃ ልሰጥ ነበር። የሽያጭ ሪፖርት የተሸጠውን ብቻ ይቆጥራል። «የለም» የተባለውን እንግዳ የሚመዘግብ ማሽን የለንም።

እንዲህ ያለ ስህተት ከዚህ በፊትም ሠርቻለሁ። ቀድሞ በምሠራበት ቦታ የልጆች ሳህን በሁለቱም መስመር ወደቀና አወጣነው። ልጆች ራሳቸው አይመጡም፤ ወላጆቻቸው ይዘዋቸው ይመጣሉ። ለልጁ የሚሆን ሲጠፋ አራት ሰው የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ባዶ ሆነ። የጠፋው ግን ዶሮውና ዓሣው ሽያጭ ላይ ታየ። ስለዚህ ምክንያቱን ለማወቅ ወራት ፈጀብን። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ፓስታውን ዛሬ አልነካሁትም። ሰው ዋጋውን በቃሉ የሚያውቀው ምግብ ስለሆነ ዋጋ መጨመሩን እፈራለሁ። መጀመሪያ ተመልሶ በሚመጣው ሳህን ላይ ምን ያህል ሳይበላ እንደሚቀር ለአንድ ሳምንት እናያለን። ብዙ እየቀረ ከሆነ የምናቀርበውን መጠን እንቀንሳለን።

ከመውጣቴ በፊት አንድ ወረቀት አስምሬ ወጥ ቤቱ በር ላይ ለጠፍኩ። ሦስት ዓምድ አለው፤ የምግቡ ስም፣ ያለቀበት ሰዓት፣ የተደፋው ብዛት። እስክሪብቶውን በክር አሰርኩት። ነገ ጠዋት ስድስት የሸክላ ዕቃ ለሙከራ እገዛለሁ፤ ለዓሣው ደግሞ ሁለተኛ አቅራቢ እፈልጋለሁ።