ሦስት ምስክር ያልኩት አንድ ሰው ሆኖ ተገኘ

ጎንደር አዘዞ በኩል መጋዘን ያለው አንድ የንግድ ድርጅት ውስጥ የሰው ሀይል ክፍል እሰራ ነበር፣ የዲሲፕሊን ጉዳይ ሲመጣ የአጣሪ ኮሚቴው ፀሐፊ እኔ ነኝ። የሆነ ዓመት ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ስቶር ሲቆጠር ዘይት ጎደለ። የዕቃው ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት ቢን ካርድ 212 ካርቶን ይላል፣ መሬት ላይ ያለው 200 ነው። አንዱ ካርቶን ባለ 5 ሊትር 4 ጀሪካን ስለሚይዝ 48 ጀሪካን ማለት ነው፣ ቀላል ብር አይደለም።

ስቶር ኪፐሩ ላይ ጥበቃው፣ አንድ ጫኝና የፅዳት ሰራተኛዋ ቃል ሰጡ። እኔ አንድ ማታ ቁጭ ብዬ ሪፖርቱን ጨረስኩት። «ስቶር ኪፐሩ ዘይት በባጃጅ ጭኖ መውሰዱን ሦስት ምስክሮች አረጋግጠዋል፣ እሱ ግን ድርጊቱን ክዷል፣ ስለዚህ ይሰናበት» ነው ባጭሩ።

ሰብሳቢያችን ብዙ ዓመት ፋይናንስ የሰሩ ትልቅ ሰው ናቸው። አነበቡትና መለሱልኝ፤ «ልጄ፣ እያንዳንዱ ቃል ላይ በዓይኔ አየሁ ያለውን በሰማያዊ አስምሪበት፣ ሰው ነገረኝ ወይ መሰለኝ ያለውን በቀይ፣ ከዛ አምጪልኝ» አሉኝ። ሳሰምር ወረቀቱ ቀይ በቀይ ሆነ። ሰማያዊው ከጥበቃው ቃል አንዲት መስመር ብቻ ነው፦ «ማክሰኞ ማታ 12 ሰዓት ገደማ ካርቶን ባጃጅ ላይ ሲጭን አይቻለሁ»። ካርቶን ነው ያለው እንጂ ዘይት አላለም። ዘይት የሚለውን ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ ሰውየውን ከስራው የሚያስወጣው ደሞ ያቺው ቃል ነበረች።

ሁለቱን መልሰን ጠራን። ጫኙን «የት ቆመህ ነው ያየኸው?» ስንለው «እኔ እንኳ አላየሁም ጋሼ፣ ጥበቃው ነው የነገረኝ» አለ። ፅዳቷ ሻይ ክበብ ሲወራ ነው የሰማችው፣ የሚያወራውም ያው ጥበቃው ነበር። በቃ ሦስት ምስክር ያልኩት አንድ ሰው ነው፣ ሁለቱ የሱን ወሬ ነው የደገሙት።

ጥበቃውንም ጠርተን ጫና ሳናበዛ «እንዴት አድርጎ ነው የያዘው?» አልነው። «ስድስት ካርቶን ደራርቦ ባንዴ ተሸክሞ ወጣ» አለ። ይሄ ቃል ነው ነገሩን የገለበጠው፣ ምክንያቱም 20 ሊትር ዘይት ብቻውን ከ18 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ስድስት ሙሉ ካርቶን ከ100 ኪሎ ያልፋል፣ ያንን ደግሞ አንድ ሰው ደራርቦ አይሸከምም።

ስቶር ኪፐሩ መጀመሪያውኑ ምን ብሎ ነበር? ባዶ ካርቶን ነው፣ ቤት ልቀይር ስለሆነ ለዕቃ ማሸጊያ ነው፣ የመጋዘን ኃላፊው በቃል ፈቅዶልኛል፣ ደሞ ቅዳሜ ማራኪ ላለው ሱቅ የወጣ 10 ካርቶን በጥምቀት ሩጫ ቢን ካርድ ላይ ሳላወርደው ቀርቻለሁ። አንድ ገጽ ተኩል የሞላውን ቃሉን እኔ «ክዷል» ብዬ በአንድ ቃል ዘጋሁት። ክዷል ስትል እኮ አድርጎታል ብለህ ጨርሰሃል፣ የከሳሹን ወገን «አረጋግጧል» የሱን «ክዷል» ካልክ ፍርዱ ግኝት ሳይጻፍ ተሰጥቷል። ሁለተኛው ረቂቅ ላይ ሁሉንም «ብሏል» አደረግኩት። ያለውን ስናጣራ የ10 ካርቶኑ የወጪ ሰነድ የተረካቢ ፊርማ ኖሮት ፋይል ውስጥ ተገኘ፣ ኃላፊውም ፈቅጃለሁ አለ።

ግኝቱን እንደዚህ ጻፍነው፦ ከጎደለው 12 ውስጥ 10ሩ በሰነድ የወጣ ግን ያልተመዘገበ ነው፣ 2ቱ የት እንደገባ አልታወቀም፣ ማክሰኞ የወጣው ካርቶን ዘይት እንደነበረው ያየ ሰው የለም፣ የዕቃ መውጫ ፈቃድ የሆነው ጌት ፓስም አልነበረውም። መደምደሚያው ላይ ስርቆት አልተረጋገጠም፣ የምዝገባ ጉድለትና ያለ ጌት ፓስ ዕቃ ማውጣት ግን ተረጋግጧል። የውሳኔ ሀሳቡ ከተረጋገጠው ጥፋት አላለፈም፤ ለስቶር ኪፐሩ የጽሁፍ ማስጠንቀቂያ፣ ያለ ጌት ፓስ ላሳለፈው ጥበቃም እንደዛው፣ ባዶ ካርቶንም ቢሆን ከአሁን በኋላ በጌት ፓስ እንዲወጣ።

ሥራ አስኪያጁ ደስ አላላቸውም፣ ቀኑ እንዳያልፍብን ብለው መጀመሪያም ሲያጣድፉን ነበር። አዋጅ 1156/2011 ላይ አሰሪ ያለማስጠንቀቂያ ለማሰናበት ምክንያቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ 30 የሥራ ቀን ነው ያለው፣ ለኛ ገና 11 ቀን ይቀረን ነበር፣ ምስክር መልሶ ለመጠየቅ ደግሞ ሁለት ቀን ነው የፈጀብን።

«ታዲያ 2ቱን ካርቶን ማን ወሰደው?» ብለው ጠየቁ። ሰብሳቢያችን ሪፖርቱን ገልጠው «አልታወቀም» የሚለው ላይ ጣታቸውን አድርገው አሳዩዋቸውና ፈረሙ፣ እኔም ከሳቸው ፊርማ ስር ፈረምኩ።