ሬክርድ ወይስ ርኮርድ? የአምስት ሳምንት ማስታወሻዬ

የምሠራው ቃሊቲ አካባቢ ባለ አንድ ትንሽ የትራንዚት ቢሮ ነው። ኮንቴይነሩ የት ደረሰ፣ ወረቀቱ ተሟላ ወይ እያልኩ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ነኝ። ከደንበኞቻችን አንዳንዶቹ የውጭ ሰዎች ናቸው። አንድ ቀን ለአንዱ «ፕሊስ ሬክርድ ዘ ኮንቴይነር ነምበር» አልኩት። ቁጥሩን መዝግበው ማለቴ ነበር። ትንሽ ዝም አለና «ዊች ሬክርድ?» አለኝ። የትኛው መዝገብ? ሦስት ጊዜ ደገምኩለት፤ ሦስቴም ያው። በመጨረሻ «ራይት ኢት ዳውን» ብዬ ተገላገልኩ።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። እኛ ብሎክ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር አሉ፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ማታ ደረጃው ላይ አግኝቼ ነገርኳቸው። ሳቁብኝ። «አንቺ ልጅ፣ መዝግብ ልትይው ፈልገሽ መዝገብ ብለሽዋል እኮ!»

እንዲህ በአማርኛ ሲሉኝ ነው የገባኝ። «መዝግብ» ትእዛዝ ነው፣ «መዝገብ» ዕቃ ነው። ልዩነቱ አንዲት ፊደል ናት። በእንግሊዝኛው ግን ቃሉ በጽሑፍ አይለወጥም። የሚለወጠው ሲነገር ከባዱ ድምፅ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ስም ሲሆን ፊት ላይ፣ ግስ ሲሆን ኋላ ላይ ያርፋል። ሬኮርድ፣ ፕሬዘንት፣ ፐርሚት፣ ሦስቱም እንደዚህ ናቸው። ጋሼ ታሪኩንም ነገሩኝ። የድሮ መዝገበ ቃላት ሲቆጠሩ እ.ኤ.አ. በ1570 እንዲህ የሚለዋወጡት ሦስት ቃላት ብቻ ነበሩ፤ አንዱ ይሄው የኔ ሬኮርድ ነው። በ1934 ወደ 150 ደርሰዋል።

የመጀመሪያው ሳምንት ሙሉ በሙሉ ባከነ። ከባድ አድርጊው ስባል ያደረግኩት ማጥበቅ ነበር። አማርኛ ያለመደኝ እሱ ነው። «አለ» የሚለውን አላልተን ስናነብ ተናገረ ማለት ነው፣ አጥብቀን ስናነብ ደግሞ ይገኛል። ስለዚህ እኔም ክ ላይ ተጭኜ «ሬክክርድ» እል ጀመር። ስልኬ ላይ ቀድቼ ስሰማው የተቆጣሁ እመስላለሁ። ቃሉ ግን ያው ነው። እንግሊዝኛ ላይ የሚከብደው አናባቢው ነው፤ ይረዝማል፣ ድምፁ ከፍ ይላል፣ ይጎላል። ተነባቢውን ብታጠብቂው ምንም አይጠቅምም።

ጋሼ ቅጂውን ሰምተው «ጠንካራውን ተይው፤ ደካማውን ዋጪው» አሉኝ። ትልቁን ለውጥ ያመጣው ይሄ ነው። እኛ ሁሉንም ክፍለ ቃል በእኩል ሚዛን ስለምንናገር፣ አንዱን ስናጎላ ሌላው አብሮ ጎልቶ ይቀራል። ጠንካራው የሚሰማው ግን ሌላው ሲያንስ ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ዘዴ አገኘሁ፤ ትንሽ ልኩራራበት። ደካማውን ክፍል በሳድስ መጻፍ ጀመርኩ። ስሙን «ሬክርድ»፣ ግሱን «ርኮርድ» ብዬ። ስጦታው «ፕሬዝንት»፣ ማቅረቡ «ፕርዜንት»። ፈቃዱ «ፐርሚት»፣ መፍቀዱ «ፕርሚት»። ደብተሬ ላይ ሳድሱን ሳይ ምላሴ ራሱ ያልፈዋል። ለነገሩ «መዝግብ» እና «መዝገብ» ላይም ነገሩን የለየችው ሳድስ ናት።

ዘዴው ግን ሁሉም ቦታ አይሠራም። «ሬክርድ» ብዬ የጻፍኩት የአሜሪካኖቹን ነው። እንግሊዞቹ ስሙንም ቢሆን ኋላውን አይውጡትም፣ «ሬኮርድ» ነው የሚሉት። እነሱ ጋ ስሙን የሚያስለየው ሬ መጉላቱ ነው። ፐርሚት ላይ ደግሞ «ሚት» በሁለቱም ሚት ናት፣ አትሰወርም። ሥራው ሁሉ ያለው ፊተኛዋ ላይ ነው። ለፈቃዱ «ፐር» ረዘም ትላለች፣ ለመፍቀዱ ብልጭ ብላ ታልፋለች። ፕ እና ር ሲገናኙ መሃል ላይ የምናስገባት ትንሽ ድምፅም አለች። እሷን ገና አላሸነፍኳትም።

ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ጠዋት ታክሲ ስጠብቅ አንድ ዓረፍተ ነገር እደጋግማለሁ፦ «ዘይ ዎንት ፕርሚት ኢት ዊዝአውት ኤ ፐርሚት»። ያለ ፈቃድ አይፈቅዱም። የቢሮዬ እውነት ነው፣ በየቀኑ ለሰው የምለው። ሁለቱም አንድ ላይ ስላሉ ምላስ በግድ ይለያቸዋል። ሳስበው ደግሞ ከፊታቸው የሚመጣው ቃል ራሱ ይመራኛል። «ኤ»፣ «ዘ»፣ «ማይ» ከቀደመ ስም ነው፣ ፊቱን አጉላ። «ቱ»፣ «ካን»፣ «ዎንት» ከቀደመ ግስ ነው፣ ኋላውን አጉላ። ቅጽል ከስም ጋር ይሄዳል። ስም ሲጠሩ አለሁ ለማለት «ፕሬዝንት» ነው የሚባለው፣ ፊቱ ጎልቶ።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ጠገብኩ። ሕጉን ባገኘሁት ሁሉ ላይ መለጠፍ ጀመርኩ። «አይ ሴንት ዘ ሪፖርት» ስል ፊቱን አጎላሁት። ጋሼ ጆሯቸውን ያዙ። ሪፖርት ስምም ይሁን ግስ ኋላው ነው የሚጎላው። ኮንትሮልም እንደዚያው። ቪዚት ደግሞ በሁለቱም ፊቱ ነው። ስለዚህ ቃሉ ተለዋዋጭ መሆኑን በመገመት አይደለም የሚታወቀው። መዝገበ ቃላት ውስጥ ከፊደሉ በላይ በኩል የምትታየውን ትንሽ ቀጥ ያለች ጭረት ማየት ነው፤ ከባዱ ክፍል የሚጀምረው ከእሷ ቀጥሎ ነው። ስምና ግሱ ጭረቷን የተለያየ ቦታ ላይ ካስቀመጧት ቃሉ ተለዋዋጭ ነው።

አንድ ፍንጭ ግን አጻጻፉ ራሱ ይሰጣል። ፐርሚት ግሱ ላይ «ኢድ» ሲጨመር የመጨረሻዋ ቲ ሁለት ትሆናለች። ቪዚት ላይ ግን አንድ ቲ ብቻ ናት። ለዓመታት ሳልረዳው በቃሌ ነበር የያዝኩት። ምክንያቱ ለካ ይሄው ነው! መጨረሻው ከጎላ ፊደሉ ይደረባል፣ ካልጎላ አይደረብም። ሬኮርድና ፕሬዘንት ላይ ፍንጩ አይሠራም፤ መጨረሻቸው ላይ ሁለት ተነባቢ ስላለ የሚደረብ ነገር የለም።

አራተኛው ሳምንት ላይ አንድ ነገር አደናገረኝ። «ርኮርዲንግ» ስም ነው፤ ቅጂ ማለት ነው። ታዲያ ፊቱ ለምን አይጎላም? የወጣው ከግሱ ስለሆነ የግሱን ከባድ ቦታ ይዞ ነው የመጣው። «ርኮርደር»ም፣ መቅጃው፣ እንዲሁ።

መለኪያዬ ቀላል ነው። ቢሮ ውስጥ የምላቸውን ሃያ ዓረፍተ ነገሮች ጻፍኩ። በየእሁዱ እቀዳቸዋለሁ፣ ከሁለት ቀን በኋላ ወረቀቱን ሳላይ እሰማለሁ። የትኛው ስም፣ የትኛው ግስ እንደሆነ ከድምፁ ብቻ ካልለየሁ ስህተት ብዬ እይዛለሁ። መጀመሪያ አሥራ አንድ ተሳስቼ ነበር፤ ባለፈው እሁድ አራት።

አራቱም ኢምፖርትና ኤክስፖርት ናቸው። ሬክርድን በአማርኛ «ሪከርድ» ስለምንለው ከእሱ ጋር ብዙ ታግያለሁ፤ እነዚህ ግን ይብሳሉ። በቀን ሃምሳ ጊዜ «ኤክስፖርት እናደርጋለን» እያልኩ ነው የምውለው። በአማርኛ ግሱ «እናደርጋለን» ነው፣ ኤክስፖርት ቅርጹን ሳይቀይር ቁጭ ይላል። ወደ እንግሊዝኛው ስሻገር ያው ቅርጽ ተከትሎኝ ይመጣል፣ «ዊ ኤክስፖርት ኮፊ» ስልም ፊቱን አጎላዋለሁ። አሁን ደብተሬ ላይ ግሱን «ክስፖርት» ብዬ ጽፌዋለሁ፣ ኤን ጨርሼ ጥዬ። ጋሼ «ይሄ ደግሞ በዛ» ብለዋል። እሁድ እናያለን።