ቀኑን ሳልነካ ሰዓቱን ብቻ አዛወርኩ፦ ቃለ መጠይቅና የጁምዓ ሰላት

የቃለ መጠይቅ ጥሪው የመጣልኝ ማክሰኞ ነው። «አርብ ከቀኑ 7 ሰዓት፣ ሦስት አባላት ያሉት ፓነል ይጠብቅዎታል» ይላል። ሰባት ሰዓት ማለት ኢማሙ ሚንበር ላይ ቆመው ኹጥባ የሚያደርጉበት ሰዓት ነው።

መልስ ከመጻፌ በፊት ጓደኛዬ በሌላ ጊዜ የላከውን መልእክት አስታወስኩ። «ይቅርታ፣ አርብ የጁምዓ ሰላት ስላለብኝ አልችልም። ሌላ ቀን ይቻል ይሆን?» ብሎ ነበር። ትሕትና አላጣም። ግን በይቅርታ ተጀምሮ «አልችልም» ላይ ይደርሳል፣ ከዚያም ሥራውን ሁሉ ለቀጣሪው ይመልሳል። የሰው ኃይል ሠራተኛዋ እንደገና ሦስት ሰው ጠይቃ አዲስ ቀን ልትፈልግ ነው። የፓነል አባላትን አንድ ላይ ማግኘት ከባድ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ለሁሉም እጩዎች አንድ ቀን ይያዛል። ያንን ቀን ልቀቁልኝ ማለት ትልቅ ጥያቄ ነው። በዚያው ቀን ሰዓት ማቀያየር ግን ቀላል ነው፤ ከሌላ እጩ ጋር ቦታ መለዋወጥ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ቀኑን አልነካሁም። መጀመሪያ የራሴን ሰዓት ሠራሁ። የምሰግድበት መስጊድ ኹጥባው 6:45 ይጀምራል፣ ሰላቱ 7:30 አካባቢ ያልቃል። ውዱእ አለ፣ መንገድ አለ፣ ከሰላት በኋላ መውጫው ላይ መጨናነቅ አለ። ከ6 እስከ 8:30 ድረስ ዝግ ነኝ ማለት ነው። ደግሞ 45 ደቂቃ የተባለ ቃለ መጠይቅ ከአንድ ሰዓት ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ጠዋት መጀመር የምችልበት የመጨረሻ ሰዓት 4:30 ነው። ይህን ሳያሰሉ «ጠዋት ይመቸኛል» ማለት አደጋ አለው። 5:15 ይሰጡሃል፣ ከዚያ መሃል ላይ ሰዓት እያየህ ትቀመጣለህ። ፓነሉም ያያል።

የላክሁት ይህን ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ። ለቃለ መጠይቁ ስለጋበዛችሁኝ አመሰግናለሁ፤ አርብ በደስታ እገኛለሁ። በዕለቱ ጠዋት ከ3 እስከ 4:30 ባለው ጊዜ ወይም ከሰዓት በኋላ ከ8:30 ጀምሮ መጀመር እችላለሁ። መሃሉ ላይ የጁምዓ ሰላት አለኝ። ለፓነሉ የሚቀለው ሐሙስ ከሆነም ቀኑን ሙሉ ክፍት ነኝ። የሚመቻችሁን ሰዓት ብታሳውቁኝ እዚያ እሆናለሁ።»

መጀመሪያ «እገኛለሁ» ይላል። ምክንያቱ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ነው፤ እሱም የመጣው የሚቻለው ሰዓት ከተነገረ በኋላ ነው። ይቅርታም ሆነ «ብትፈቅዱልኝ» የሚል ቃል የለውም። ምክንያቱን ጨርሶ መተውም ይቻላል፤ «ከ6 እስከ 8:30 ቀድሞ የተያዘ ጉዳይ አለኝ» ቢባል በቂ ነው። እኔ የጠቀስኩት ብቀጠር በየሳምንቱ የሚመጣ ጉዳይ ስለሆነ ነው። የሰላቱን ፈርድነት የሚያስረዳ አንቀጽ ግን አያስፈልግም። ማብራሪያው በረዘመ ቁጥር ክርክር የሚጠብቅ ሰው ያስመስላል።

በማግስቱ ሠራተኛዋ ደወለች። ጠዋቱ በሌሎች እጩዎች ተይዟል፤ «ዘጠኝ ሰዓት ይሁን?» አለች። ይሁን አልኩ። ንግግሩ ደቂቃም አልፈጀም። ስለ ሰላቱ አንድም ጥያቄ አልተነሳም።

ለጁምዓ እንዲህ የምጠነቀቀው በጀመዓ፣ በተወሰነ ሰዓት ስለሚሰገድ ነው። የዘወትሮቹ ሰላቶች ሌላ ናቸው። ዙህር ወቅቱ እስከ አስር ሰላት ድረስ ይቆያል፤ የአንድ ሰዓት ቃለ መጠይቅ አያስመልጠውም። እሱን አንስቶ ሰዓት ማስቀየር ያለ ምክንያት ጥያቄ ማብዛት ነው። መግሪብ ግን ወቅቱ አጭር ነው። ግማሽ ቀን የሚፈጅ ፈተናና ቃለ መጠይቅ አንድ ላይ ሲሆን የምለው ይህን ብቻ ነው፦ «መርሃ ግብሩን አስቀድማችሁ ብትልኩልኝ ደስ ይለኛል፤ ከእረፍቱ 10 ደቂቃ ለሰላት እጠቀምበታለሁ።» እረፍት ለማንም የሚሰጥ ነው። ለብቻዬ የተጠየቀ ነገር የለም።

ረመዳን ላይ ደግሞ የማይቻለውንና የሚከብደውን እለያለሁ። ጾም ቃለ መጠይቅ አይከለክልም። «እየጾምኩ ስለሆነ» ብሎ ቀን ማስተላለፍ ቀጣሪውን ወሩን ሙሉ አይሠራም እንዴ ያሰኘዋል። ጠዋት ጉልበት ስላለኝ ጠዋትን እመርጣለሁ፣ ምክንያት አልሰጥም። ምሳ ላይ እንገናኝ ከተባለ ግን ቀድሞ መናገር ይሻላል፦ «በደስታ እቀላቀላችኋለሁ። እኔ ጾመኛ ስለሆንኩ አልመገብም፣ እናንተ ግን እንዳትሳቀቁ።» ሳይናገሩ ሄዶ ባዶ ሳህን ፊት መቀመጥ ሁሉንም ያሸማቅቃል። ማታ ላይ የሚደረግ የኦንላይን ቃለ መጠይቅ ከሆነ ከማፍጠሪያው ሰዓት ቢያንስ 45 ደቂቃ በኋላ እንዲሆን እጠይቃለሁ።

ዒድ ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ረመዳን 29 ወይም 30 ቀን ነው፣ ጨረቃዋ ካልታየች ቁርጡ አይታወቅም። አንዱን ቀን ብቻ ገምቶ ቀጠሮ መያዝና ዋዜማው ማታ መሰረዝ ከሁሉም የከፋ ነው። ሁለቱንም ቀን ቀድሜ ከአማራጮቼ አወጣለሁ፤ «ከረቡዕ በኋላ ያለው የትኛውም ቀን ይመቸኛል» ብል ማንም ምክንያት አይጠይቀኝም።

ኦርቶዶክስ የሆነች የሥራ ባልደረባዬም ተመሳሳይ ነገር ገጥሟታል። የረቡዕና የአርብ ጾም ለቃለ መጠይቅ አያስቸግራትም። ስቅለት ግን ቀኑን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ናት፣ ሰዓት በመቀየር አይፈታም። ውጭ አገር ያለ ቀጣሪ ደግሞ ስቅለት አልፏል ብሎ ሊያስብ ይችላል፤ በ2024 የምዕራቡ ስቅለት ማርች 29፣ የኦርቶዶክሱ ሜይ 3 ነበር። እሷ የበዓሉን ስም ትታ ቀኑን በእነሱ አቆጣጠር ትጽፋለች፦ «ሜይ 3 በሃይማኖታዊ በዓል ምክንያት አልኖርም። ሜይ 1፣ 2 እና 7 በማንኛውም ሰዓት እችላለሁ።» «አልኖርም» የሚለው ቃል እዚህ አይጎዳም፤ ወዲያው ሦስት ቀን ይከተለዋል።

አንዳንዴ የሚላከው ሰዓት መምረጫ ሊንክ ነው፤ የቀረውም አርብ 7 ሰዓት ብቻ ይሆናል። ዝም ብሎ መተው እንደ እምቢታ ይቆጠራል። ያንን ሰዓት ይዞ ኋላ መለመንም አይመከርም። ሊንኩን ለላከው ሰው በዚያው ዕለት ያንኑ አጭር ደብዳቤ እጽፋለሁ። ምንም ካልተገኘ የቀረው አማራጭ ሌላ መስጊድ መፈለግ ነው። በአንዳንድ ከተሞች ጁምዓን በሁለት ዙር የሚያሰግዱ መስጊዶች አሉ፣ ሁለተኛው ዙር ከአንድ ሰዓት በላይ ሊዘገይ ይችላል። እሱን አረጋግጬ ከሆነ «አርብ 7 ሰዓት ይስማማኛል፣ 8 ሰዓት ላይ ግን መውጣት ይኖርብኛል» እላለሁ። ይህን ፓነሉ ፊት ቆሜ አልናገርም፤ ዋዜማውን በጽሑፍ እልካለሁ።