ከ18ቱ 14ቱን «አዎ» ያለችው ልጅ

ጀማሪው ባልደረባዬ ፋይሉን ሲያቀብለኝ ምርመራው ላይ «ኤዲኤችዲ»፣ ማለትም ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር፣ ብሎ ጽፎ ጨርሷል። ከ18ቱ ምልክቶች 14ቱን «አዎ» ብላለች። ለአዋቂ ሰው ደግሞ ከትኩረት ማጣቱ ወይም ከመቅበጥበጡ ወገን 5 ምልክት ይበቃል። ግን «ከመቼ ጀምሮ?» የሚለው ቦታ ባዶ ነው።

ልጅቷ 29 ዓመቷ ነው፤ እዚሁ ጎንደር ባንክ ቤት ገንዘብ ከፋይ ናት። ምልክቶቹን መልሼ አላነበብኩላትም። የጀመርኩት ከልጅነቷ ነው፤ ኤዲኤችዲ ከሆነ 12 ዓመት ሳይሞላት ምልክቶቹ መታየት ነበረባቸውና።

«አራተኛ ክፍል እያለሽ ደብተር ትረሺ ነበር?»

ሳቀች። «እኔ? ሲስተር፣ የእህቶቼን ሳይቀር የማስታውሰው እኔ ነበርኩ!»

ጎበዝ ተማሪ መሆን ብቻውን ኤዲኤችዲን አያስቀርም። እናቱ አጠገቡ ቁጭ ብላ እያስጠናችው ያለፈ ስንት ልጅ አለ! ስለዚህ ልጅቷን አስፈቅደን ታላቅ እህቷን ከአዘዞ አስጠራን። እሷንም «ጎበዝ ነበረች ወይ?» አላልኳትም፤ «ነበረች» ከማለት ሌላ ምን ትላለች? «ጨው ግዢ ተብላ ስትላክ ምን ይዛ ትመለስ ነበር?» አልኳት።

«ጨውና መልሱን ነዋ!»

ምስር ለቀማስ? ሳትጨርስ አትነሳም ነበር አለች። አሰልቺ ሥራ ላይ መቀመጥ መቻሏን ለማወቅ ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ።

ችግሩ የጀመረው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ካዝናዋ ላይ ጉድለት ተገኘና ከደመወዟ ተቆረጠ። «ሥራ ላይ ሐሳብሽ ሲሄድ የት ነው የሚሄደው?» ስላት አላመነታችም። «ዛሬም ጎድሎብኝ ቢሆንስ እላለሁ። ቤት ገብቼም በሐሳቤ እቆጥራለሁ፤ እንቅልፍ እንቢ ይለኛል።» ኤዲኤችዲ ያለበት ሰው ሐሳቡ ብዙውን ጊዜ ያገኘው ላይ ሁሉ ያርፋል፤ የመንገዱ ዘፈን፣ የሰው ወሬ፣ የትናንቱ ጨዋታ። የእሷ የሚሄደው ሁልጊዜ ወደዚያው ብር ነው።

ድባቴንም ጠየቅን። ከቤተሰብ ጋር ቡና መጠጣት አሁንም ደስ ይላታል። ለቀናት እንቅልፍ ሳያምራት ጉልበት የሞላባት ጊዜም የለም፤ ስሜትን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ባይፖላርን የምንጠይቀው በዚህ ነው። ጫት አትቅምም። የታይሮይድ ምርመራዋም ደህና ነው። ምርመራው ወደ ጭንቀት ተቀየረ፣ ሕክምናውም በዚያው መንገድ ሆነ። የኤዲኤችዲውን ማነቃቂያ መድኃኒት ጀምራ ቢሆን ልቧ ይበልጥ በደለቀ፣ እንቅልፏም በባሰ ነበር።

ባልደረባዬ ግን አለቀቀኝም። «ሁለቱም አብረው ቢኖሩስ?»

ይኖራሉ፣ ያውም ብዙ ጊዜ። እህቷ «ሱቅ ልከናት መንገድ ላይ ስትጫወት እናገኛታለን» ብትል ኖሮ ሁለቱንም እንጽፍ ነበር።