ጉራ ነው ሲሉኝ ራሴን ከደብዳቤው አወጣሁ

ለማስተርስ ስኮላርሺፕ ያመለከትኩት ሁለት ጊዜ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ያሳጣኝ ውጤቴ ሳይሆን የማመልከቻ ደብዳቤዬን ያረምኩበት መንገድ እንደሆነ እስካሁን አምናለሁ። ትራንስክሪፕት ማውጣቱ፣ የድጋፍ ደብዳቤ ማሰባሰቡ፣ ፎርም መሙላቱ በአንድ ወር አለቀ። ደብዳቤው ግን ሦስት ጊዜ ተጽፎ ሦስቴም ተበላሸ።

ፋርማሲስት ነኝ። በአንድ ሆስፒታል የመድኃኒት ግምጃ ቤት ውስጥ አራት ዓመት ሠርቻለሁ።

የመጀመሪያው ረቂቅ «ከልጅነቴ ጀምሮ ሰዎችን የመርዳት ጥልቅ ፍላጎት ነበረኝ» ብሎ ይጀምር ነበር። አለቃዬ የነበሩት ጋሼ አንብበው ሲጨርሱ፣ «ይህን እኮ እኔም ፈርሜ ልልከው እችላለሁ» አሉኝ። ተናድጄ ወደ ቤቴ ሄድኩና እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር አብሮኝ የተመረቀ ሌላ ሰው ሊፈርምበት ይችል እንደሆነ እያየሁ ምልክት አደረግሁ። ከ28ቱ 23ቱ ማንም ሊፈርምባቸው የሚችሉ ነበሩ። ጋሼ እውነታቸውን ነበር።

ችግሩን እዚያው ላይ በትክክል ብይዘው ኖሮ ይህንን አልጽፍም ነበር። እኔ ግን ደብዳቤው ድምፁ አንሶ ነው ብዬ ድምፁን ከፍ አደረግሁት። «የመድኃኒት አያያዝ ሥርዓቱን ከመሠረቱ ቀይሬ የብክነትን ችግር አስወግጃለሁ» ብዬ ጻፍኩ። የአመልካቾች አማካሪ ለነበሩት ሰው ስሰጣቸው ዳር ላይ አንድ መስመር ጽፈው መለሱልኝ፦ «ጉራ ይበዛዋል፤ ትሑት ሁኚ።» የትኛው ዓረፍተ ነገር ነው? ምን ቢደረግ ይሻላል? አንድም ነገር የለም። ያው ቢሮ በሚያድለው መመሪያ ላይ ደግሞ «የመሪነት ብቃትዎንና ያመጡትን ለውጥ በግልጽ ያሳዩ» ይላል። ዛሬም ሳስታውሰው ያበሽቀኛል። ከእሳቸው ይልቅ የበሸቅኩት ግን በራሴ ነው፤ ተነስቼ «የቱ ጋ ነው ጉራው?» ብዬ መጠየቅ አፍሬ ዝም አልኩ።

ማስገቢያው ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው አንድ ሌሊት ሙሉ ቁጭ ብዬ «ጉራውን» አወጣሁ። በአማርኛ ራስን መደበቅ እንዴት ቀላል እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ። «እኔ» የሚለውን መሰረዝ እንኳ አያስፈልግም፣ የግሱን ጫፍ መንካት ይበቃል። «ቀየርኩ» የነበረው «ተቀየረ» ሆነ፣ «አደራጀሁ» የነበረው «አደራጀን» ሆነ። ያ ትልቁ ዓረፍተ ነገርም ሲነጋ እንዲህ ሆኖ ነበር፦

«በግምጃ ቤቱ የመድኃኒት አያያዝን ለማሻሻል በተደረገው ጥረት ከባልደረቦቼ ጋር በመሆን የበኩሌን ትንሽ አስተዋጽኦ ለማድረግ ሞክሬያለሁ።»

ጥረቱን ያደረገው ማን ነው? አይታወቅም። «ትንሽ» ስንት ነው? «ሞክሬያለሁ» ማለትስ ተሳካልኝ ነው ወይስ ከሸፈብኝ? እኔ ግን ጨዋ ሆንኩ ብዬ ደስ ብሎኝ ላክሁት። ሦስት ወር ቆይቶ «የአመልካቾች ቁጥር ብዙ በመሆኑ» የሚል መልስ መጣ።

ጋሼ የላክሁትን ቅጂ ያዩት ከዚያ በኋላ ነው። መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ዓርብ ዓርብ ካርቶን ስታገላብጪ የነበርሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ? እዚህ ውስጥ የታለሽ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ሦስቱን ረቂቆች ጎን ለጎን አድርጌ ሳያቸው ሦስቱም አንድ ዓይነት ጉድለት እንዳለባቸው ገባኝ። በአንዳቸውም ውስጥ ያደረግሁት ነገር አልተጻፈም። የመጀመሪያው ስለ ስሜቴ ያወራል፣ ሁለተኛው የሥራውን ስም አግንኖ ይጠራል፣ ሦስተኛው ያንኑ ስም አሳንሶ ይጠራል። ሥራው ራሱ ግን የለም። እኔ ዓመቱን የፈጀሁት ቅጽል በማግዘፍና በማኮሰስ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ደብዳቤውን ዘግቼ በባዶ ወረቀት ላይ የሆነውን ብቻ በተራ ጻፍኩ። አዲስ መድኃኒት ሲገባ ከፊት ይደረደር ነበር፤ አሮጌው ከኋላ ተገፍቶ እዚያው የአገልግሎት ጊዜው ያልፍበታል። እኔ ዓርብ ከሰዓት በኋላ መደርደሪያውን እየዞርኩ ቀድሞ የሚያልፍበትን ወደ ፊት ማምጣት ጀመርኩ። ስድስት ወር ያልሞላ ጊዜ የቀረው ካርቶን ላይ ቀይ ቴፕ እንለጥፍ ያለው የግምጃ ቤት ረዳቱ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ቀይ ቴፕ ያለባቸውን ዘርዝሬ በየወሩ ለዋርዶች የምልከው ግን እኔ ነበርኩ። በዓመት ውስጥ ጊዜ ያለፈባቸው የመድኃኒት ዓይነቶች ከ19 ወደ 6 ወረዱ። ያን ዓመት አንድ ትልቅ ግዢ ዘግይቶ ነበር፤ ስለዚህ የቅነሳው ከፊሉ የእኔ ሥራ ውጤት አይደለም፣ ግምጃ ቤቱ ውስጥ የነበረው ዕቃ ራሱ ስላነሰ ነው።

ይህቺን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ልተዋት ነበር። ራሴን የማሳንስ መሰለኝ። ቆይቼ ሳስበው ግን በሦስተኛው ረቂቅ ውስጥ ከነበረው «ትንሽ አስተዋጽኦ» ጋር አይገናኝም። «ትንሽ» ይቅርታ መጠየቅ ነው፣ የዘገየው ግዢ ግን መረጃ ነው። እሱን የጻፈ ሰው 19ኙንም 6ቱንም በትክክል የቆጠረ ይመስላል። ለረዳቱ የሰጠሁት ምስጋናም እንዲሁ ነው። «ከባልደረቦቼ ጋር» ስል እሱም እኔም እንጠፋለን፤ የቴፑ ሐሳብ የእሱ፣ ዝርዝሩ የእኔ ሲባል ሁለታችንም እንታያለን። ወደ ደብዳቤው የገባው አንቀጽ ከዚህ ማስታወሻ ብዙም አልራቀም። «ሥርዓት»፣ «ለውጥ»፣ «መሪነት» የሚሉ ቃላት አንድም ቦታ የሉበትም።

በየቦታው «ለብዙ ሰው አስነብቡ» ይባላል። እኔ አልስማማም። አምስት ሰው ካነበበው አምስቱም የማይወዱት ነገር ይወጣና ማንንም የማያስቀይም፣ ማንንም የማይመስል ወረቀት ይቀራል። ሁለት ሰው ይበቃል፦ አንዱ ስትሠሩ ያያችሁ፣ ሌላው ስለ ሥራችሁ ምንም የማያውቅ። ያያችሁ ሰው የደበቃችሁትንና የጨመራችሁትን ይነግራችኋል። የማያውቀውን ደግሞ «እንዴት አገኘኸው?» አትበሉት፤ «ጥሩ ነው» ይላችኋል። ወረቀቱን ተቀብላችሁ «ምን እንደሠራሁ በአፍህ ንገረኝ» በሉት። እኔ ለጎረቤቴ ልጅ ሰጥቼው «ካርቶን እያገላበጥሽ አሮጌውን መድኃኒት ቀድሞ እንዲወጣ ታደርጊ ነበር» ሲለኝ ማረሙን አቆምኩ። «ጉራ ነው» የሚላችሁ ሰው ካለም ጣቱን ዓረፍተ ነገሩ ላይ እስኪያደርግ ድረስ አትልቀቁት። ጣቱን ሲያደርግ እዚያ ጋ ቁጥር ወይም ድርጊት እንደጎደለ ታያላችሁ፤ የጎደለውን ጨምሩ እንጂ ግሱን አታለዝቡ።

በሁለተኛው ዓመት ለቃለ መጠይቅ ተጠራሁ። ከሦስቱ ጠያቂዎች አንዷ ደብዳቤዬን ገለጥ አድርጋ፣ «ዋርዶቹ የተረፈ መድኃኒት ውሰዱ ተባልን ብለው አልተቆጡም?» አለችኝ። ተቆጥተው ነበር። የአንዱ ዋርድ ኃላፊ ዝርዝሩን ቀድዳ በፖስታ መልሳልኝ ነበር። ከዚያ ጀመርኩላት።